ሱቃችሁ በወር ስንት ሲሸጥ ነው ወጪውን የሚችለው? የብሬክ ኢቭን ስሌት ደረጃ በደረጃ

ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «በቀን ስንት ብሸጥ ነው ኪራዬ የሚወጣልኝ?» ይላሉ። ለእያንዳንዱ ለብቻው ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ብሬክ ኢቭን ማለት ሱቁ ትርፍም ኪሳራም የሌለበት የሽያጭ መጠን ነው። ከዚያ በታች ከሸጣችሁ ከኪሳችሁ እየጨመራችሁ ነው። ከዚያ በላይ ከሸጣችሁ ማትረፍ ጀምራችኋል። ስሌቱ አንድ ማካፈል ብቻ ነው፦ የወሩን ቋሚ ወጪ፣ ከእያንዳንዱ የሽያጭ ብር ላይ ለሱቁ በሚተርፈው ማካፈል። ማካፈሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሥራው ያለው ሁለቱን ቁጥሮች በትክክል ማግኘቱ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ያገኘዋል። የሚሳሳተው ሁለተኛው ላይ ነው፤ ስለዚህ እኔም እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የኪራይ ውሉ ወይም የመጨረሻው የኪራይ ደረሰኝ
- ያለፈው ወር አጠቃላይ ሽያጭ፣ በዱቤ የሸጣችሁትም ጭምር
- የወሩ የዕቃ ግዢ ደረሰኞች፣ ከማጓጓዣና ከማውረጃ ክፍያ ጋር
- ወሩ ሲጀምርና ሲያልቅ የተደረገ የዕቃ ቆጠራ
- በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚከፈሉ ነገሮች ዝርዝር፣ ለምሳሌ የፈቃድ እድሳትና ኢንሹራንስ
- ደብተርና ካልኩሌተር

አብዛኛው ሰው የሌለው ቆጠራው ነው። ከሌላችሁ ዛሬ ማታ ሱቁን ስትዘጉ ቁጠሩ፤ ከ30 ቀን በኋላ ደግሞ በተመሳሳይ ሰዓት ድገሙት። እስከዚያው ድረስ በ5ኛው ደረጃ ላይ ባለው አማራጭ መንገድ ግምታዊ ቁጥር ማግኘት ትችላላችሁ።

እንዲገባን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ደብተር፣ እስክሪብቶና ቦርሳ የሚሸጥ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተመረጡ ናቸው፤ በእነሱ ቦታ የራሳችሁን አስገቡ።

1. ወጪዎቻችሁን ለሁለት ክፈሉ

እያንዳንዱን ወጪ ስትጽፉ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «በዚህ ወር አንድም ዕቃ ባልሸጥ ይህን እከፍላለሁ?» መልሱ አዎ ከሆነ ቋሚ ወጪ ነው። ካልሆነ ተለዋዋጭ ነው።

ኪራይ ቋሚ ነው። በወር ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ፣ የጥበቃ መዋጮ፣ ኢንተርኔትና ስልክም እንደዚያው። መብራትም ለአብዛኛው ሱቅ ቋሚ ነው፤ ደንበኛ ገባ አልገባ አምፖሉ መብራቱ አይቀርም።

ተለዋዋጭ የሚባለው ከሽያጩ ጋር የሚወጣና የሚወርደው ነው። ትልቁ የዕቃው መግዣ ዋጋ ነው። ደንበኛው የሚወስድበት ፌስታል፣ ለእያንዳንዱ የኤሌክትሮኒክ ክፍያ የሚቆረጥ ኮሚሽን፣ ለሻጭ በሽያጩ ልክ የሚሰጥ ጉርሻም እዚህ ይገባል። ዕቃ ከአከፋፋይ ወደ ሱቅ የመጣበት የመኪናና የጫኝ ክፍያ የዕቃው ዋጋ አካል ነው። ለብቻው «ትራንስፖርት» ብላችሁ ቋሚ ወጪ ውስጥ አትክተቱት፤ ብዙ ዕቃ ባመጣችሁ ቁጥር ይጨምራልና።

ይህ ክፍፍል ለምን አስፈለገ? ቋሚው ወጪ ሱቁ በየወሩ የሚሸከመው ዕዳ ነው፤ ተለዋዋጩ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ቀድሞ የሚቆረጠው ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሽያጭ ሲጨምር ምን ያህል እንደሚተርፋችሁ የምታውቁበት መንገድ አይኖርም።

2. ቋሚውን ወጪ ወደ አንድ ወር አምጡና ደምሩ

ኪራይ በስድስት ወር የምትከፍሉ ከሆነ ለስድስት አካፍሉ። የዓመቱን ለ12 አካፍሉ። የከፈላችሁበትን ወር ብቻ ብታስከፍሉት ያ ወር የከሰረ፣ የቀሩት ደግሞ ከልክ በላይ ያተረፉ ይመስላሉ።

የምሳሌው ሱቅ ወርሃዊ ቋሚ ወጪ ይህን ይመስላል፦

- ኪራይ፦ 18,000
- የሠራተኛ ደመወዝ፦ 7,000
- መብራት፣ ስልክና ኢንተርኔት፦ 1,000
- ጥበቃና ጽዳት፦ 1,000
- ፈቃድና ሌሎች ዓመታዊ ክፍያዎች (6,000 ለ12 ወር)፦ 500
- የመደርደሪያና የዕቃ እርጅና (60,000 ብር የወጣበት፣ 5 ዓመት የሚያገለግል)፦ 1,000
- የባለቤቱ ደመወዝ፦ 11,500
- ድምር፦ 40,000 ብር

የመጨረሻዋን መስመር ብዙ ሰው ይዘላታል። «የራሴ ሱቅ ነው፣ ለራሴ ምን ደመወዝ እከፍላለሁ?» ይባላል። ግን ቀኑን ሙሉ እዚያ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ፤ ወር ሲያልቅም የቤት ወጪያችሁ ከዚያው መሳቢያ ይወጣል። ደመወዛችሁን ካላስገባችሁ የምታገኙት ቁጥር ሱቁን የሚያኖር እንጂ እናንተን የሚያኖር አይደለም። በሌላ ቦታ ተቀጥራችሁ ብትሠሩ ታገኙት የነበረውን፣ ወይም ለቤት በትክክል የምታወጡትን ያህል ጻፉ።

3. የተሸጠውን ዕቃ ዋጋ በቆጠራ አውጡ

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። በወሩ የገዛችሁት ዕቃና በወሩ የሸጣችሁት ዕቃ አንድ አይደሉም። ከገዛችሁት ገና መደርደሪያ ላይ ያለ አለ። ከሸጣችሁት ውስጥ ደግሞ ባለፈው ወር የተገዛ አለ። ስለዚህ እንዲህ ይሰላል፦

የተሸጠ ዕቃ ዋጋ = መነሻ ቆጠራ + የወሩ ግዢ − መድረሻ ቆጠራ

የምሳሌው ሱቅ ወሩን ሲጀምር 210,000 ብር የተገዛ ዕቃ ነበረው። በወሩ ከነማጓጓዣው 165,000 ገዛ። ወሩ ሲያልቅ ሲቆጠር 223,000 ብር የተገዛ ዕቃ አለ።

210,000 + 165,000 − 223,000 = 152,000 ብር

ባለሱቁ ደረሰኝ ብቻ ደምሮ ቢሆን 165,000 ይል ነበር። የ13,000 ብር ልዩነት የሄደ ገንዘብ አይደለም፤ መደርደሪያው ላይ ዕቃ ሆኖ ተቀምጧል። በዚያ ወር ሽያጩ 200,000 ነበር፤ ፌስታልና ኮሚሽን ደግሞ 4,000 ወጥቶበታል። በደረሰኙ ድምር ቢያሰላ ከ40,000 ቋሚ ወጪ በኋላ 9,000 ብር ከሰርኩ ብሎ ይደነግጥ ነበር። በእውነቱ ግን 4,000 አትርፏል። የተገላቢጦሹም ይሆናል፦ ትንሽ ገዝታችሁ የድሮውን ስቶክ ስታራግፉ ገንዘብ የተትረፈረፈ ይመስላል፣ መደርደሪያው ግን እየሳሳ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ስትቆጥሩ በመግዣ ዋጋ እንጂ በመሸጫ ዋጋ አትቁጠሩ። በመሸጫ ዋጋ ከቆጠራችሁ ገና ያልሸጣችሁትን ዕቃ ትርፍ አሁኑኑ ወሰዳችሁት ማለት ነው።

ቆጠራው ሌላም ጥቅም አለው። የተሰበረ፣ የተበላሸ፣ የተሰረቀ ዕቃ መድረሻ ቆጠራው ላይ ስለማይኖር ራሱን ችሎ ወደ ወጪው ይገባል። ለቤት የወሰዳችሁትን ዕቃ ግን በደብተር ያዙ። ካልያዛችሁት ከጠፋው ጋር ይደባለቅና ሱቁ ከሚሠራው በታች ደካማ መስሎ ይታያችኋል።

4. ከ100 ብር ሽያጭ ስንት እንደሚተርፍ አስሉ

አሁን ከሽያጩ ላይ ተለዋዋጩን ሁሉ ቀንሱ።

ሽያጭ 200,000 − የተሸጠ ዕቃ 152,000 − ፌስታልና ኮሚሽን 4,000 = 44,000

44,000 ÷ 200,000 = 0.22

ደንበኛ 100 ብር ሲከፍል 78ቱ በዕቃና በመሳሰለው ይሄዳል። ለኪራይ፣ ለደመወዝና ለትርፍ የሚቀረው 22 ብር ነው። ይህች 22 ፐርሰንት የትርፍ ህዳግ ትባላለች። የስሌቱ ሁሉ መሠረት እሷ ናት።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። «እኔ 30 ፐርሰንት እየጨመርኩ ነው የምሸጠው» የሚል ሰው 0.30 ብሎ ያካፍላል። ልክ አይደለም። በ100 ብር ገዝታችሁ በ130 ስትሸጡ የምታተርፉት 30 ብር የመግዣው 30 ፐርሰንት ነው። የሽያጩ ግን 30 ÷ 130፣ ማለትም 23 ፐርሰንት ገደማ ነው። እኛ የምናካፍለው ሽያጭ ለማግኘት ስለሆነ የሚያስፈልገን ከሽያጩ አንጻር ያለው ቁጥር ነው።

ስህተቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የምሳሌው ባለሱቅ 40,000ን በ0.30 ቢያካፍል 133,333 ያገኛል። ያንን ሸጦ ወጪዬን ቻልኩ ብሎ ይተኛል። በእውነተኛው 22 ፐርሰንት ከ133,333 የሚተርፈው 29,333 ብቻ ነው። ከ10,000 ብር በላይ ጎድሏል ማለት ነው፤ እሱም ጉድለቱን የሚያውቀው ለአከፋፋይ የሚከፍለው ሲያጥረው ነው።

5. ዕቃዎቻችሁ የሚያተርፉት ለየቅል ከሆነ፣ በሽያጭ ድርሻቸው አስሉ

በቆጠራ የወጣው 22 ፐርሰንት የሁሉም ዕቃ ድብልቅ ነው። ውስጡን ከፍታችሁ ስታዩት እንዲህ ነው፦

- ደብተር፦ ሽያጭ 120,000፣ ህዳግ 16 ፐርሰንት፣ የተረፈው 19,200
- እስክሪብቶና ጥቃቅን፦ ሽያጭ 50,000፣ ህዳግ 28 ፐርሰንት፣ የተረፈው 14,000
- ቦርሳ፦ ሽያጭ 30,000፣ ህዳግ 36 ፐርሰንት፣ የተረፈው 10,800
- ድምር፦ ሽያጭ 200,000፣ የተረፈው 44,000

ቆጠራ ለሌላችሁ አማራጩ መንገድም ይሄው ነው። ዕቃዎቻችሁን ሦስት ወይም አራት ምድብ አድርጓቸው። ለእያንዳንዱ ምድብ ቶሎ ቶሎ የሚሸጡትን ጥቂት ዕቃዎች መግዣና መሸጫ አይታችሁ፣ ፌስታልና ኮሚሽኑንም ቀንሳችሁ ህዳጉን አውጡ። ከዚያ በሽያጭ መጠናቸው አባዙና ደምሩ። የተሰበረውንና የጠፋውን ስለማያሳይ ከእውነቱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያንን እያወቃችሁ ተጠቀሙበት።

ሦስቱን ፐርሰንት ደምሮ ለሦስት ማካፈል ግን አይሆንም። 16 እና 28 እና 36 አማካያቸው 26.7 ይመጣል፤ ብሬክ ኢቭኑም 150,000 ይሆናል። ደብተሩ ከሽያጩ ከግማሽ በላይ ይዞ ሳለ ከቦርሳው እኩል ሚዛን ስለተሰጠው ነው የተዛባው።

አሁን በጣም የምወደውን ክፍል ላሳያችሁ። በሚቀጥለው ወር ያው ሱቅ በድጋሚ 200,000 ሸጠ እንበል። ዋጋ አልተነካም፣ ኪራይ አልጨመረም። ደብተር ግን 150,000፣ እስክሪብቶ 30,000፣ ቦርሳ 20,000 ሆነ። የተረፈው 24,000 እና 8,400 እና 7,200፣ በድምሩ 39,600 ነው። ህዳጉ ወደ 19.8 ወረደ። ብሬክ ኢቭኑ ከ202,000 በላይ ወጣ፤ ባለፈው ወር 4,000 ያተረፈው ሱቅ በዚያው ሽያጭ 400 ብር ከሰረ። «ሽያጬ አልቀነሰም፣ ገንዘቡ የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው ያለው። ስለዚህ ሽያጫችሁን በምድብ ለይታችሁ መዝግቡ። በየዕቃው መሆን የለበትም፣ ሦስት አምድ ያለው ገጽ ይበቃል።

6. አካፍሉ፣ ከዚያ ወደኋላ አረጋግጡ

ብሬክ ኢቭን ሽያጭ = ቋሚ ወጪ ÷ የትርፍ ህዳግ

40,000 ÷ 0.22 = 181,818 ብር በወር

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከ181,818 ላይ 78 ፐርሰንቱ፣ ማለትም 141,818 ለዕቃና ለመሳሰለው ይሄዳል። የቀረው 40,000 ነው፤ ቋሚ ወጪውን ልክ ይሸፍናል። ካልገጠመላችሁ የሆነ ቦታ ፐርሰንቱን በሙሉ ቁጥር አስገብታችኋል፤ በ22 ሳይሆን በ0.22 ነው የሚካፈለው።

የምሳሌው ሱቅ 200,000 ሲሸጥ ከዚህ ነጥብ በላይ ያለው 18,182 ብር ነው። ሽያጩ 9 ፐርሰንት ገደማ ቢወርድ ትርፉ ያልቃል። ይሄ ጠባብ ነው። አንድ ሳምንት በሕመም ቢዘጋ ይበላዋል።

7. ወደ ቀን አውርዱት

በወሩ ስንት ቀን እንደምትከፍቱ ቁጠሩ። 26 ቀን ከሆነ 181,818 ÷ 26 = 6,993፤ በቀን 7,000 ብር ገደማ ነው። ጠያቂዎቼ የሚፈልጉት ቁጥር ይሄ ነው።

ግን በየቀኑ በዚህ ቁጥር ራሳችሁን አትመዝኑ። ቀን ከቀን ይለያል። አንድ ቀን 4,000፣ በማግስቱ 11,000 ሊሆን ይችላል። የተሻለው መንገድ ከወሩ መጀመሪያ አንስቶ ድምሩን እያስኬዱ መጻፍ ነው። ሱቁ በቀን በአማካይ 7,692 የሚሸጥ ከሆነ ድምሩ 181,818ን የሚያልፈው በ24ኛው የሥራ ቀን ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው በሙሉ ወጪ መሸፈኛ ነው። ትርፉ የሚገኘው በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ተኩል ውስጥ ነው። በወሩ አጋማሽ መሳቢያው ሞልቶ ስታዩ እጃችሁን እንዳትሰዱ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያ ገንዘብ የኪራይና የአከፋፋይ ነው።

8. ኪራይ ወይም የዕቃ ዋጋ ሲነሳ እንደገና አስሉ

ኪራይ ሲጨምር አጭሩ መንገድ ጭማሪውን ብቻ በህዳጉ ማካፈል ነው። አከራዩ ከ18,000 ወደ 22,000 ካሳደገው 4,000 ÷ 0.22 = 18,182። በወር 4,000 ብር የጨመረ ኪራይ 18,182 ብር ተጨማሪ ሽያጭ ይጠይቃል። «4,000 ብር ብቻ ነው የጨመረብኝ» ማለት አይቻልም። የምሳሌው ሱቅ ብሬክ ኢቭን 200,000 ሆነ፣ ትርፉም ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ከአከራይ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ይህን ቁጥር ይዛችሁ ግቡ።

የዕቃ ዋጋ ሲነሳ ግን የሚለወጠው ህዳጉ ስለሆነ ጉዳቱ በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ነው። ከ100 ብር ሽያጭ 76ቱ የዕቃ ዋጋ፣ 2ቱ ፌስታልና ኮሚሽን ነበር። አከፋፋዩ 5 ፐርሰንት ቢጨምርና እናንተ መሸጫውን ባትነኩ 76ቱ ወደ 79.8 ይወጣል። የሚተርፈው 18.2 ብር ነው። 40,000 ÷ 0.182 = 219,780። 5 ፐርሰንት የምትመስል ጭማሪ የወሩን ብሬክ ኢቭን በ38,000 ብር ገደማ ከፍ አደረገችው። ቀድሞ ወደነበረበት ህዳግ ለመመለስ የመሸጫ ዋጋውም በተመሳሳይ ፐርሰንት መነሳት አለበት። ደንበኛ ይቀራል ብላችሁ ከፈራችሁ ደግሞ ምን ያህሉን ራሳችሁ እንደምትችሉ በዚሁ መንገድ አስልታችሁ ወስኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ የዕቃ ዋጋ እየጨመረ ባለበት ጊዜ ያለፈው ወር ቆጠራ ያሞኛል። የተሸጠው ዕቃ በድሮ ዋጋ የተገዛ ስለሆነ ህዳጉ ሰፊ ይመስላል። ያንኑ ዕቃ ለመተካት ስትሄዱ ግን በአዲሱ ዋጋ ነው የምትገዙት። ለመጪው ወር ስታስሉ አሁን ብትገዙት የሚያስከፍላችሁን ዋጋ ተጠቀሙ። ይህን ያላደረገ ሱቅ በወረቀት እያተረፈ በየወሩ የሚገዛው ዕቃ ብዛት ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ምልክቱም ይሄ ነው፦ ሽያጩ በብር አልወረደም፣ መደርደሪያው ግን ክፍት ክፍት እያለ ነው።

ሌሎች የተለመዱ ስህተቶች

ተጨማሪ እሴት ታክስ የምትሰበስቡ ከሆነ ታክሱን ከሽያጩ ላይ አንሱት። ገንዘቡ በእጃችሁ ያልፋል እንጂ የእናንተ አይደለም። ሽያጭ ውስጥ ካስገባችሁት የትርፍ ህዳጋችሁ በውሸት ያብጣል።

ዱቤ ሽያጭ ነው፤ ስሌቱ ውስጥ ይገባል። ግን የማይመለስ ዱቤ ኪሳራ ነው፣ የሚጎዳውም ከሚታሰበው በላይ ነው። የ1,000 ብር ዕቃ ወስዶ የጠፋ ደንበኛ ያከሰራችሁ የዕቃውን መግዣና የመሳሰለውን 780 ብር ነው። ያንን ለመመለስ 780 ÷ 0.22፣ ማለትም ከ3,500 ብር በላይ ተጨማሪ መሸጥ አለባችሁ። ከልምድ የማይመለሰውን መጠን ካወቃችሁት በተለዋዋጭ ወጪ ውስጥ መድቡለት።

ብድር ካለባችሁ ወለዱ ቋሚ ወጪ ውስጥ ይገባል። ዋናው ብድር ግን ወጪ አይደለም፤ ቢሆንም በየወሩ ከመሳቢያው ይወጣል። ስለዚህ ሁለተኛ ስሌት ሥሩ፦ ከቋሚ ወጪው ላይ በጥሬ ገንዘብ የማይከፈለውን እርጅና ቀንሱ፣ የወሩን የዋና ብድር ክፍያ ጨምሩ። ለምሳሌው ሱቅ ዋናው ብድር በወር 3,200 ቢሆን 40,000 − 1,000 + 3,200 = 42,200 ይሆናል። በ0.22 ሲካፈል 191,818። የመጀመሪያው ቁጥር አትርፋችሁ እንደሆነ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ደግሞ ወሩን ሳትበደሩ መጨረስ መቻላችሁን።

ይህ ስሌት የት ድረስ ያገለግላል?

ቋሚ ወጪ ቋሚ የሚሆነው እስከ አንድ የሽያጭ መጠን ድረስ ነው። ሽያጩ ከሁለት ሰው አቅም በላይ ሲሆን ተጨማሪ ሠራተኛ ትቀጥራላችሁ። ያን ጊዜ ወጪው ቀስ በቀስ አያድግም፣ በአንዴ ይዘላል። የምሳሌው ባለሱቅ በ6,600 ብር ሰው ቢጨምር 6,600 ÷ 0.22 = 30,000 ብር ተጨማሪ ሽያጭ ያስፈልገዋል፤ አዲሱ ብሬክ ኢቭኑ 211,818 ነው። አሁን 200,000 የሚሸጠው ሱቅ ሰው ቀጥሮ 205,000 ቢደርስ ሽያጩ አድጎ እንኳ ይከስራል። ከመቅጠሩ በፊት ራሱን መጠየቅ ያለበት ይህን ነው፦ በወረፋ ብዛት ሳይስተናገድ የሚመለሰው ደንበኛ በእርግጥ በወር የ30,000 ብር ዕቃ ይገዛ ነበር? ለሁለት ሳምንት ሳይገዙ የወጡትንና የፈለጉትን ዕቃ በደብተር ቢይዝ መልሱን በግምት ሳይሆን በቁጥር ያገኘዋል።